ካሜራና ፍላሽ ለወራት ሲቀመጡ ባትሪያቸው ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ «ለሥራ ለ8 ወር ከቤት ርቄ ልቆይ ነው። ካሜራዬ ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም ባትሪ አለው። ፍላሹ ደግሞ 4 ደብል ኤ አልካላይን ድንጋይ ነው የሚወስደው። አንዱ ጓደኛዬ የካሜራውን ባትሪ ፉል አድርገህ አስቀምጠው ይለኛል፤ ሌላው ጨርሰህ ባዶ አድርገው ይላል። ድንጋዮቹስ ፍላሹ ውስጥ ቢቆዩ ችግር አለው? ሁለቱ ባትሪዎች በምን ይለያያሉ?»

ምላሽ፦

ለ8 ወር ቆይታ ሁለቱም ምክሮች አይሆኑም። የካሜራውን ባትሪ ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገህ ሙላው። ከዚያ ከካሜራው አውጣና ሙቀት የሌለበት ቦታ አስቀምጠው። ድንጋዮቹን ግን ዛሬውኑ ከፍላሹ አውጣቸው። የጉዞህን ቀን አትጠብቅ፤ በዚያ ግርግር መሃል የሚረሳው ይሄ ነው።

ወደ ልዩነታቸው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው «አንዱ ቻርጅ ይደረጋል፣ ሌላው አልቆ ይጣላል» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው። ዕቃ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት አለ። አልካላይን ድንጋይ ሲበላሽ የሚያበላሸው የገባበትን ዕቃ ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ራሱን ነው። ስለዚህ ፍላሹን ከድንጋዮቹ ትጠብቀዋለህ። በካሜራው በኩል ግን የምትጠብቀው ባትሪውን ነው።

ከድንጋዩ ልጀምር። አልካላይን ድንጋይ ውስጥ በአንድ በኩል የዚንክ ዱቄት አለ፣ በሌላው በኩል ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ። ሁለቱን የሚያገናኘው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኃይለኛ አልካሊ ነው። አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጣል። ኃይል ሲሰጥ ዚንኩ ወደ ዚንክ ኦክሳይድ ይለወጣል። ይህን ለውጥ በቻርጀር ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ለመመለስ መሞከርም ጋዝ አስነስቶ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ወይም ሊያስተፋው ይችላል።

ይህ ድንጋይ ካልተነካ በጣም ታጋሽ ነው። በክፍል ሙቀት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ በዓመት የሚያጣው ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማሸጊያው ላይ የ5፣ የ7 ወይም የ10 ዓመት ቀን የሚታተመውም ለዚህ ነው። እንግዲህ 8 ወር ምንም ካልሆነ፣ ለምን አውጣው አልኩህ?

ችግሩ ድንጋዩ ፍላሹ ውስጥ ሲሆን ዝም ብሎ ስለማይቀመጥ ነው። የዛሬ ዕቃዎች አብዛኞቹ ሲጠፉ ሙሉ በሙሉ አይጠፉም። ማብሪያውን ስትጫን የሚሰማ ትንሽ ሰርኪዩት ውስጣቸው ነቅቶ ይጠብቃል። እሱም ትንሽ ትንሽ ይስባል። ፍላሽህ ጠፍቶ ሳለ 0.2 ሚሊአምፔር ይስባል እንበል። በቀን 4.8 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይሆናል። በ240 ቀን ወደ 1150 ይጠጋል። ጥሩ ደብል ኤ ድንጋይ በቀላል ጭነት እስከ 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ሊይዝ ይችላል። ያንተዎቹ ግን ጥቅም ላይ ውለዋል። ግማሽ ቀርቷቸው ከሆነ፣ ስትመለስ ሊያልቁ ጫፍ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ደግሞ አራቱ እኩል አያልቁም። አንዱ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይደክማል፤ በስድስተኛው ወር ላይ እሱ ባዶ ይሆናል እንበል። አራቱ የተያያዙት በተርታ ስለሆነ፣ ያላለቁት ሦስቱ በባዶው ውስጥ አልፈው መግፋታቸውን ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ የደከመው ድንጋይ ፖላሪቲው ይገለበጣል፤ ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ ይሆናል። ውስጡም ሃይድሮጅን ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። አምራቾች ድንጋዩ እንዳይፈነዳ በኔጋቲቭ ጫፉ በኩል ባለው ማሸጊያ ላይ ሆን ብለው ስስ ቦታ ይተዋሉ። ግፊቱ ሲበዛ እሱ ይቀደዳል። ጋዙ ሲወጣ አልካሊውም አብሮት ይወጣል።

«ድንጋዩ ተፋ» የሚባለው ይሄ ነው። አሮጌና አዲስ አትቀላቅል፣ ሁለት ዓይነት ማርካም አንድ ላይ አታድርግ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የኃይል ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ደካማው ቶሎ ይገለበጣል። ያለቀ ድንጋይ ደግሞ ማንም ባይስበውም ከአዲሱ ይልቅ ለመትፋት የቀረበ ነው። ዚንኩ በራሱ ከአልካሊው ጋር እየተነካካ ጋዝ ይለቃል። ድሮ ይህን ለመግታት ዚንኩ ላይ ሜርኩሪ ይጨመር ነበር። ሜርኩሪው ለአካባቢ መርዝ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተራ አልካላይን ድንጋዮች እንዲወጣ ተደርጓል። ዛሬ ጋዙን የሚቀንሱት በንጹሕ ዚንክና በሌሎች ጭማሪዎች ነው። ቢቀንስም ግን አልጠፋም።

የወጣው አልካሊ አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ወደ ፖታሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ስፕሪንጉ ላይ የምታየው ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር እሱ ነው። መዳብ ካገኘ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላል። እዚያ ላይ ቢቆም ባልከፋ። ነገር ግን አልካሊው በብረቱ ላይ እየተሳበ ከድንጋዩ ማስቀመጫ ወደ ሽቦውና ወደ ሰርኪዩት ቦርዱ ይዘልቃል። ተጠርጎ እንኳ የማይሰራ ዕቃ የምታየው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከዓይን እይታ ውጪ ስላለፈ ነው።

ፍላሹን ስትከፍት ድንጋዮቹ ተፍተው ካገኘሃቸው በባዶ እጅህ አትንካቸው። ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ አደገኛ ነው። ጓንት አድርግ። ድንጋዮቹን አውጣና ደረቁን ነጭ ነገር አፈር እንደማራገፍ ወደ ታች ደፍተህ አራግፈው። በአፍህ እፍ አትበል፣ ወደ ፊትህ ይመለሳል። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ስንጥር በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክረህ ብረቱን ብቻ ጥረግ። አሲዱ አልካሊውን ያበርደዋል፤ ትንሽ አረፋ ካወጣ ሥራውን እየሰራ ነው። አትድፋበት፣ ማርጠብ ብቻ ይበቃል። ከዚያ አሲዱ ራሱ ብረቱን እንዳይበላ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረገው። እስኪደርቅ አንድ ቀን ክፍቱን ተወው። ስፕሪንጉ ከሻከረ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ሁለቴ ብቻ አሽው። ከዚያ በላይ ከፋቅከው ሽፋኑ ይለቅና ይዝጋል።

ካወጣሃቸው ግን ይህ ሁሉ አይመጣም። አራቱን አብረው የሰሩ ስለሆኑ አንድ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋቸው። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትደባልቃቸው፤ ብረቱ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ይግላሉ። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልግም። በክፍል ሙቀት የሚያጡት ትንሽ ስለሆነ ፍሪጁ የሚጨምርልህ ጥቅም የለም፤ ሲወጡ የሚይዛቸው ጤዛ ግን ጫፋቸውን ያዝገዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ፣ ሰው ይሳሳትበታልና። ደብል ኤ ድንጋይ ላይ «ሊቲየም» ተብሎ ተጽፎ ልታይ ትችላለህ። ይህ በአብዛኛው ሊቲየም አዮን አይደለም። ውስጡ ንጹሕ ሊቲየምና አይረን ዳይሰልፋይድ ነው፤ 1.5 ቮልት ይሰጣል፣ ቻርጅም አይደረግም። ዋጋው ከአልካላይን ከፍ ይላል፣ ግን ውስጡ አልካሊ ስለሌለ እንደ አልካላይን አይተፋም። አልፎ አልፎ ብቻ ለምትነካው ዕቃ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ፍላሽ ላይ ከማድረግህ በፊት ግን የፍላሹ መመሪያ እንደሚፈቅደው እይ፤ ደጋግመህ ስትተኩስ በጣም ሊግል ይችላል።

አሁን ወደ ካሜራው ባትሪ። ሊቲየም አዮን ውስጥ ዚንክም አልካሊም የለም። በአንድ በኩል መዳብ ላይ የተቀባ ግራፋይት አለ። በሌላው በኩል አሉሚኒየም ላይ የተቀባ፣ ሊቲየም የያዘ የሜታል ኦክሳይድ አለ። በመሃል ስስ ፕላስቲክ መለያና ኤሌክትሮላይት የሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ። ቻርጅ ስታደርግ የሊቲየም አዮኖች ከኦክሳይዱ ወጥተው፣ ወረቀት በመጽሐፍ ገጾች መካከል እንደሚገባው፣ በግራፋይቱ ንብርብሮች መካከል ይገባሉ። ስትጠቀምበት ይመለሳሉ። ቁሶቹ ብዙም ሳይፈርሱ አዮኑ ስለሚመላለስ ነው በመቶዎች ጊዜ ቻርጅ የሚደረገው። ሶኒ ይህን ዓይነት ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

ሴል የሚባለው አንዱ የባትሪው ክፍል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ወደ 3 ቮልት ሲወርድ ባዶ ሊሆን ነው። የብዙ ካሜራ ባትሪዎች ሁለት ሴል በተርታ ስላላቸው ላያቸው ላይ 7.2 ወይም 7.4 ቮልት ተብሎ ተጽፏል።

ፉል አድርገህ አስቀምጥ ያለህ ጓደኛህ የዘነጋው ይሄን ነው። ሴሉ 4.2 ቮልት ላይ ሲሆን ኤሌክትሮላይቱ ከኦክሳይዱ ጋር ቀስ እያለ መበላላት ይጀምራል። በግራፋይቱ በኩል ደግሞ ሁልጊዜም ያለ አንድ ስስ ሽፋን አለ። ያ ሽፋን እየወፈረ ሲሄድ ሊቲየሙን ይይዝና አይመልሰውም። የተያዘው ሊቲየም ከእንግዲህ አይሰራም። ባትሪው ቻርጅ ሙሉ ቢልህም ድሮ የሚያነሳህን ያህል ፎቶ አያነሳህም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ባትሪውን ሳትነካው ነው። የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መሙላትና ሙቀት።

መጠኑን እንድታይ፣ በባትሪ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ግምት ልንገርህ። 40 በመቶ ተሞልቶ 25 ዲግሪ ላይ ዓመት የቆየ ባትሪ ከአቅሙ 96 በመቶ ያህል ይቀረዋል። በዚያው ሙቀት ፉል ሆኖ ከቆየ የሚቀረው ወደ 80 በመቶ ነው። 40 ዲግሪ ላይ ፉል ሆኖ ከቆየ ደግሞ ወደ 65 ይወርዳል። እንደ ባትሪው ሥሪት ቁጥሩ ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ግማሽ የተሞላ፣ ግን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ወይም በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ባትሪም ይጎዳል። ስለዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ፣ ደረቅ ቦታ ይሁን። ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ባለው መካከል ከሆነ ጥሩ ነው።

ባዶ አድርገው ያለህ ጓደኛህ ምክር ደግሞ ይብሳል። ፉል ማድረግ ባትሪውን ያስረጀዋል፤ ባዶ ማድረግ ግን ይገድለዋል። ካሜራው «ባትሪ አልቋል» ብሎ ሲጠፋ ባትሪው ውስጥ ትንሽ መጠባበቂያ ይቀራል። ካሜራውም እንደ ፍላሹ ጠፍቶ ይስባል። የባትሪህ አቅም 1000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፣ 10 በመቶ ይዞ ካሜራው ውስጥ ቀረ እንበል። 100 አለህ ማለት ነው። ካሜራው 0.05 ሚሊአምፔር ብቻ ቢስብ፣ በቀን 1.2 ይሆናል። 83 ቀን ላይ አለቀ። ገና ሦስት ወር አልሞላህም።

ከዚያ ወዲያ ባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ሰርኪዩት መስመሩን ይቆርጣል። ነገር ግን ሰርኪዩቱ ራሱም ትንሽ ይበላል፣ ሴሉም በራሱ ይደክማል። ቀስ በቀስ ሴሉ ከ2 ቮልት በታች ሊወርድ ይችላል። እዚያ ሲደርስ ግራፋይቱ የተቀባበት መዳብ ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። መልሰህ ቻርጅ ስታደርገው የሟሟው መዳብ በየቦታው እንደገና ይጋገራል፤ መለያውን አልፎ ሁለቱን ጎን ሊያገናኝም ይችላል። ይህ ሴሉ ውስጥ የተፈጠረ ሾርት ነው። ውጤቱ መጋል ነው፤ ሲከፋም እሳት።

ስለዚህ በጣም የወረደ ባትሪ ቻርጀሩ ላይ ስታደርገው መብራቱ በፍጥነት ብልጭ ብልጭ እያለ እምቢ ካለህ፣ ቻርጀሩ ተበላሸ ብለህ አትደምድም። ቮልቴጁን ለክቶ እምቢ እያለህ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በሽቦ ከሌላ ባትሪ ጋር አገናኝቶ «ይቀሰቅሰዋል»። እባክህ አታድርገው፣ ማንም እንዲያደርግልህም አትፍቀድ። ቻርጀሩ የተቃወመው ውስጡ ሊኖር የሚችለውን መዳብ ስለሚፈራ ነው፤ ያንን ደግሞ ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም።

እንግዲህ ግማሽ ላይ እንዴት ታደርሰዋለህ? ብዙ ካሜራ ቀሪውን በመቶኛ ወይም በትንንሽ መስመሮች ያሳያል። ፉል ከሆነ ቪዲዮ እየቀረጽክ አውርደው። ባዶ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ አድርገውና ከሙሉው ጊዜ ግማሽ ሲያልፍ አውጣው። ቴስተር ካለህና ጫፎቹን ሾርት ሳታደርግ መለካት ከቻልክ፣ ለሁለት ሴል ባትሪ 7.5 ቮልት አካባቢ ጥሩ ነው። ብቻ ከቻርጀሩ እንዳወጣኸው አትለካ፤ አንድ ሰዓት አሳርፈው።

ባትሪውን አልፎ አልፎ ማየት ለሚችሉ ሰዎች 40 በመቶ እላለሁ። አንተ ግን 8 ወር ሙሉ ማንም አያየውም። ከካሜራው ወጥቶም በወር ከ2 እስከ 3 በመቶ ያጣል ብለን እናስብ። ከ50 ተነስቶ 30 ገደማ ላይ ይጠብቅሃል። ባትሪው ያረጀ ከሆነ ከዚያ በላይ ሊያጣ ስለሚችል 60 ላይ ብትተወው እኔ አልቃወምም። 60 ላይ መቆየት ከፉል ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ወደ ባዶ መንሸራተት ግን መመለሻ የለውም። ቤት የሚቀር ሰው ካለ በአራተኛው ወር ላይ ለግማሽ ሰዓት ቻርጀሩ ላይ ያድርግልህ። ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ እንዲቆይ ግን አታድርግ፤ ያ ዞሮ ዞሮ ፉል ማቆየት ነው።

ባትሪያቸው የማይወጣ ስልክ ወይም ታብሌት ካለህም መንገዱ ያው ነው። ግማሽ ላይ አድርሰው፣ ስክሪኑን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ዝጋው። አፕል ለራሱ ዕቃዎች የሚመክረውም 50 በመቶ አድርጎ፣ ከ32 ዲግሪ በታች ማስቀመጥና በየ6 ወሩ እንደገና 50 ላይ ማድረስ ነው። 8 ወር ከዚያ ስለሚያልፍ፣ ለእንዲህ ያለው ዕቃ አንድ ሰው ብታዝ ይሻላል።

ስትመለስ መጀመሪያ ባትሪውን በእጅህ እየው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርገህ በጣትህ አሽከርክረው። ተቀምጦ ካልቆመና እንደ እንዝርት ከዞረ መሃሉ አብጧል። ካሜራው ውስጥ ሲገባ ከጠበበውም ምልክቱ ያው ነው። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ አይጫንም፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥም አይጣልም። የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት አስቀምጠህ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚቀበሉ ስጣቸው።

ደህና ከሆነ በራሱ ቻርጀር፣ አንተ ባለህበት ክፍል፣ ቀን ላይ ቻርጅ አድርገው። ለብ ማለቱ ያለ ነው። ይዘኸው ለመቆየት የሚያስቸግር ሙቀት ከመጣ ግን ነቅለህ ተወው። ካሜራው ሲበራ ቀንና ሰዓት ከጠየቀህ አትደንግጥ። ብዙ ካሜራዎች ሰዓቱን የምትይዝ ትንሽ ባትሪ ውስጣቸው አለች፤ የምትሞላው ከዋናው ባትሪ ስለሆነ በወራት ውስጥ ታልቃለች። ዋናውን ከትተህ አንድ ሁለት ቀን ስትተወው ትሞላለች።